ያልታተመውን የባለአክሲዮኖች ዝርዝር ከሰነድ ለቅሞ መሥራት

የግል ኩባንያ ባለቤት ፍለጋ ላይ ላላችሁ፦ የብሪታንያ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ድርሻ ከተበታተኑ ሰነዶች ቆጥሮ ማውጣት አሁን ጥሩ እየሄደልኝ ስለሆነ አሠራሩን ላካፍላችሁ። ብሪታንያን የመረጥኩት የመዝጋቢው መሥሪያ ቤት የ Companies House ሰነዶች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነጻ ስለሚነበቡ ነው። ዝርዝሩ ግን በአንድ ገጽ ተጽፎ አይገኝም።

ብዙዎቻችን የኩባንያውን ስም ፈልገን በቀጥታ People የሚለውን እንከፍትና Persons with significant control የሚለውን የተቆጣጣሪዎች መዝገብ እናነባለን። እዚያ አንድ ስም ካየን "ባለቤቱ ተገኘ" ብለን እንዘጋለን። ይህ አካሄድ በጣም ያሳስታል። ያ መዝገብ የባለአክሲዮኖች መዝገብ አይደለም፤ የሚያሳየው ከ25 በመቶ በላይ አክሲዮን ወይም ድምፅ ያለውን፣ አብዛኛውን ዳይሬክተር የመሾምና የመሻር መብት የያዘውን፣ ወይም በሌላ መንገድ ኩባንያውን የሚቆጣጠረውን ብቻ ነው። ድርሻውንም በእርከን እንጂ በትክክለኛ ቁጥር አይገልጽም። አምስት ሰዎች እኩል 20 በመቶ ቢይዙ መዝገቡ ላይ አንድም ስም ላይኖር ይችላል፤ ሕግም አልተጣሰም።

የባለአክሲዮኖቹ ስም ያለው ኩባንያው ያስገባቸው ሰነዶች በሚዘረዘሩበት Filing history ውስጥ ነው። መነሻው የምሥረታው ሰነድ IN01 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አክሲዮን ገዢዎች ስማቸውና የያዙት ብዛት በውስጡ አለ። ከዚያ እስከ 2016 አጋማሽ ድረስ በየዓመቱ የሚገባው AR01 ይመጣል፤ ርዕሱ ላይ with full list of shareholders የሚል ካለ እንደ ወርቅ ያዙት። ከ2016 አጋማሽ በኋላ ቦታውን CS01 ማለትም Confirmation statement ተክቶታል። with no updates የሚሉትን እለፏቸው። with updates የሚሉትን ግን አንድ በአንድ ክፈቱ፤ አንዳንዱ የሥራ ዘርፍ ኮድ ለውጥ ብቻ ቢሆንም ስም ያለው እነዚህ ውስጥ ነው። በመካከል የአክሲዮን ብዛት የሚቀይሩ ሰነዶች ይገባሉ፦ አዲስ አክሲዮን ሲወጣ SH01፣ አክሲዮን ሲከፋፈል SH02፣ ኩባንያው የራሱን አክሲዮን ገዝቶ ሲሰርዝ SH06።

ጊዜዬን በሙሉ የሚበላው ችግር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። SH01 ስንት አክሲዮን እንደወጣ ይናገራል፤ ለማን እንደወጣ አይናገርም። SH06ም ስንት እንደተሰረዘ እንጂ ማን እንደሸጠ አይገልጽም። CS01 ደግሞ ስም ቢኖረውም ብዙ ጊዜ የሚዘረዝረው ካለፈው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን CS01 ብቻ ከፍቶ "ባለአክሲዮኖቹ እነዚህ ናቸው" ማለት አይቻልም። እንደ ባንክ ደብተር ከመነሻው ጀምሮ እየደመሩና እየቀነሱ መምጣት ነው።

ለማሳያ የፈጠርኩትን አንድ ኩባንያ እንሥራ። በ2014 በ100 አክሲዮን ተመሠረተ፤ ሀ 60፣ ለ 40 ያዙ። በ2017 የገባው SH02 እያንዳንዱን አክሲዮን ለ100 ከፈለው። ጠቅላላው 10,000 ሆነ፤ ሀ 6,000፣ ለ 4,000። የማንም መቶኛ አልተለወጠም። በ2019 SH01 ገባ፤ 2,500 አዲስ አክሲዮን ወጣ፤ ጠቅላላው 12,500 ሆነ። ለማን? ቀጥሎ የገባው CS01 ሐ የሚባል አዲስ ስም ከነ2,500 አክሲዮኑ ያሳያል። ሀ አንድም አክሲዮን ሳይሸጥ ከ60 ወደ 48 በመቶ ወረደ፤ ለ 32፣ ሐ 20 በመቶ ያዙ። በ2021 SH06 የ1,000 አክሲዮን መሰረዝ አስመዘገበ፤ ጠቅላላው 11,500 ሆነ። የዚያ ዓመት CS01 ለ 3,000 እንደቀረው ስለሚጽፍ ሻጩ ለ ነው። ውጤቱ፦ ሀ 52.2፣ ለ 26.1፣ ሐ 21.7 በመቶ።

ይህን ስሌት የማጣራበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ድምሩ ነው፤ የባለአክሲዮኖቹ አክሲዮን ተደምሮ በመጨረሻው የካፒታል መግለጫ Statement of capital ላይ ካለው ጠቅላላ ብዛት ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ አክሲዮን እንኳ ከጎደለ ያልተከፈተ ሰነድ አለ ማለት ነው። ሁለተኛው የተቆጣጣሪዎቹ መዝገብ ነው፤ ለዚህ ሥራ በእውነት ይጠቅማል። የሀ እርከን በ2019 ከ"50 በመቶ በላይ" ወደ More than 25% but not more than 50% መውረድ፣ በ2021 ደግሞ ተመልሶ መውጣት ነበረበት። መዝገቡ ጨርሶ ካልተነቃነቀ ኩባንያው ማስታወቁን ሳይዘነጋ አይቀርም፤ የአክሲዮኑ እርከን ወርዶ የድምፁ ካልወረደ ደግሞ የሐ አክሲዮን ድምፅ የሌለው ሆኖ ሀ በድምፅ ብልጫው ቀጥሎ ሊሆን ይችላል። የኋለኛውን ለመለየት SH01 ላይ ከየአክሲዮኑ ዓይነት ሥር የተጻፈውን መብትና መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ። ደግሞም ልብ በሉ፤ አምስተኛውን ድርሻ የያዘው ሐ በተቆጣጣሪነት መዝገቡ ላይ አንድም ጊዜ ላይታይ ይችላል።

የአክሲዮን ዝውውር ሌላው ወጥመድ ነው። ሰው ለሰው ሲሸጥ ለመዝጋቢው ለብቻው የሚገባ ሰነድ የለም፤ የሚታየው በሚቀጥለው CS01 ላይ ሲሆን ይህም ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ውጤታችሁን ስትጽፉ "እስከዚህ ቀን ባለው ሰነድ" ብላችሁ ቀኑን አስቀምጡ። ያለ ቀን የተጻፈ የባለቤትነት መቶኛ እኔ አላምንም፤ ክፍያ ከሚጠይቁ የመረጃ ቋቶች የመጣም ቢሆን። እነሱም የሚለቅሙት ከእነዚሁ ሰነዶች ነው፤ የተቃኘ የድሮ AR01 ሲያጋጥማቸው ቁጥር ይሳሳታሉ።

የሚቀጥለውን CS01 መጠበቅ የማይችል ሰው የባለአክሲዮኖችን መዝገብ ከራሱ ከኩባንያው መጠየቅ ይችላል። በ2006ቱ የኩባንያ ሕግ አንቀጽ 116 መሠረት ማንም ሰው ስሙን፣ አድራሻውን፣ መረጃውን ለምን እንደሚፈልግና ለሌላ ያስተላልፍ እንደሆነ ጽፎ ይጠይቃል። ኩባንያው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ወይ መፍቀድ ወይ ፍርድ ቤት ሄዶ ዓላማው ተገቢ አይደለም ብሎ መከራከር አለበት። ደብዳቤው ላይ ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ኩባንያው አለመቀበል ይቀለዋል። ፍላጎታችሁን ማሳወቅ የሚጎዳችሁ ከሆነ ግን ይህን መንገድ አትንኩት።

አብላጫውን ድርሻ የያዘው ሰው ሳይሆን የውጭ አገር ኩባንያ ሆኖ ሲገኝ ሥራው ይከብዳል። በአውሮፓ ኅብረት ያሉ የመጨረሻ ባለቤት መዝገቦች ኅዳር 2022 ላይ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ለሕዝብ ክፍት መሆናቸውን ውድቅ ካደረገ ወዲህ ብዙዎቹ ተዘግተዋል። እኔ የምጀምረው ከብሪታንያው ኩባንያ ዓመታዊ ሒሳብ መጨረሻ ላይ ካሉት ማብራሪያዎች ነው፤ Ultimate controlling party በሚል ርዕስ የእናት ኩባንያው፣ አንዳንዴም የመጨረሻው ተቆጣጣሪ ስም ይጻፋል። ከዚያ ያን ስም የድርጅቶች ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር መዝገብ በሆነው በ GLEIF ላይ እፈልጋለሁ። እዚያ የሚታየው እናት ኩባንያ ሒሳቡን አጠቃሎ የሚያቀርበው ስለሆነ የአናሳ ባለድርሻ ስም አይጠበቅም። በእናት ኩባንያ ምትክ NATURAL_PERSONS ከተጻፈ ግን ከዚያ በላይ ሒሳብ የሚያጠቃልል ኩባንያ የለም፤ ባለቤቶቹ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ስማቸውን ግን GLEIF አይሰጥም፤ ፍለጋው ወደዚያች አገር መዝገብ ይሻገራል።