የሐበሻ ቀሚስ ርዝመትና የልክ ሠንጠረዥ፦ ከውጭ አገር የሚመለሰውን ልብስ የቀነሰልን ሥራ

ዘንድሮ ለጥምቀት ከጅማ ወደ ጀርመን፣ ወደ ጣሊያን፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ከላክናቸው ቀሚሶች መካከል «ረዘመብኝ» ወይም «አጠረብኝ» ተብሎ የተመለሰ አንድም አልነበረም። ከዚህ በፊት ከሚመለሱብን ልብሶች አብዛኞቹ የርዝመት ችግር የነበረባቸው ስለሆኑ፣ ይህ ለውጥ እኔንም አብሮኝ የሚሠራውን ልብስ ሰፊ ጋሼንም እጅግ አስደስቶናል። በሸማ ልብስ ሥራ ላይ ያላችሁ ወዳጆች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ የሠራነውን በዝርዝር ለማካፈል ወስኛለሁ።

የልክ ሠንጠረዥ የማዘጋጀቱን የመጀመሪያ ደረጃ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ብዙ ሻጭ የሚጀምረው የአገራቱን የልብስ ቁጥር ጎን ለጎን በመደርደር ነው። በአውሮፓ ይህ የራሱ ሥርዓት አለው፤ በልማድ የጣሊያን የሴቶች ቁጥር የደረት ዙሪያ ግማሽ ነው፣ የፈረንሳይ ከዚያ 4 ይቀነስለታል፣ የጀርመን ደግሞ 6። ስለዚህ ደረቷ 92 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት በጣሊያን 46፣ በፈረንሳይ 42፣ በጀርመን 40 ትለብሳለች። አሜሪካ ሲደረስ ግን ሥርዓቱ ይፈርሳል። በዚያ አገር በ1958 ወጥቶ የነበረው የሴቶች ልብስ የልክ ደረጃ በ1983 ስለተነሣ፣ እያንዳንዱ አምራች ቁጥሩን እንደ ወደደ ይሰጣል፤ አንድ ሴት በአንዱ መደብር 8፣ በሌላው 10 ልትሆን ትችላለች። በእኔ እምነት የቁጥር ንጽጽር በሠንጠረዡ መጨረሻ አምድ ላይ «በግምት» ተብሎ ከመቀመጥ ያለፈ ቦታ ሊሰጠው አይገባም። ቀዳሚው አምድ የገዢዋ የሰውነት ልኬት መሆን አለበት።

የሰውነት ልኬትና የልብሱ ልኬት ሳይቀላቀሉ መቀመጥ አለባቸው። የእኛ ቀሚስ በደረት ላይ ዙሪያው 100 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የሚስማማው ደረቷ ከ90 እስከ 93 ለሆነች ሴት ነው፤ ሸማ ስለማይለጠጥ ለመተንፈስና እጅ ለማንሣት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ያስፈልገዋል። ሠንጠረዡ ላይ «ደረት 100» ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ደረቷ 100 የሆነች ሴት ታዝዘዋለች፣ ሲደርሳትም አይዘጋላትም። በተጨማሪም 88፣ 92፣ 96 ብሎ ነጠላ ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ ከ86 እስከ 89፣ ከ90 እስከ 93፣ ከ94 እስከ 97 እያሉ ክፍተትም መደራረብም በሌለበት መንገድ መጻፍ ይሻላል፤ አለዚያ ደረቷ 90 የሆነች ሴት የትኛውን እንደምትመርጥ አታውቅም፣ ሁለቱንም አዝዛ አንዱን ትመልሳለች። ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ገዢዎች በኢንች ስትጽፉ 36.2 አትበሉ፤ የልብስ ሜትር ኢንችን የሚከፍለው በአሥረኛ ሳይሆን በስምንተኛ ስለሆነ 36 ከሩብ ብላችሁ ጻፉ። የዳሌን አምድ ደግሞ ከወገብ በታች ሰፊ ለሆነ ቀሚስ ጨርሶ አውጥተነዋል፤ ልብሱ የማይነካውን የሰውነት ክፍል ማስለካት ገዢዋን ከማወዛገብ በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ርዝመት ነበር፣ ብዙ ጊዜ የወሰደብንም እርሱ ነው።

ሌላ ቀሚስ ቢረዝም ገዢዋ ሠፈሯ ወዳለ ልብስ ሰፊ ወስዳ ጠረፉን ታሳጥረዋለች። የሐበሻ ቀሚስ ግን ጠረፉ ላይ ጥለት አለው፤ ከታች መቁረጥ ማለት ጥለቱን መቁረጥ ማለት ነው። ስለዚህ በርዝመት 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር መሳሳት ለሌላው ቀሚስ ቀላል ሲሆን ለእኛ ግን ልብሱን ያስመልሳል። በዚህ ላይ በእጅ የተሸመነ ጥጥ ሲታጠብ ይገባል፤ ምን ያህል እንደሚገባም ከሸማኔ ሸማኔ፣ ከክር ክር ይለያያል።

መጠኑን ለማወቅ የምንጠቀምበትን መንገድ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ከሜትርና ከክር ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም። ከእያንዳንዱ አዲስ ጣቃ ላይ ትንሽ ቁራጭ እንወስድና፣ ጎንና ጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በቀለማም ክር እንሰፋበታለን። ከዚያም ገዢዋ ታጥበዋለች ብለን በምንገምተው መንገድ አጥበን፣ በገመድ ላይ ሳንሰቅል በጠፍጣፋ ቦታ ዘርግተን እናደርቀዋለን፤ ርጥብ ሸማ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይረዝምና የተሳሳተ ልኬት ይሰጣል። በጅማ ክረምት ጨርቅ ቶሎ ስለማይደርቅ፣ በእጅ ሲዳሰስ የደረቀ ቢመስልም አንድ ቀን ጨምረን ነው የምንለካው። በቅርቡ በለካነው ጣቃ 50 የነበረው በድሩ አቅጣጫ 47.5፣ በማጉ አቅጣጫ ደግሞ 49 ሆኖ ተገኘ። ማለትም በድሩ በኩል 5 በመቶ፣ በማጉ በኩል 2 በመቶ ገብቷል። ድር በሽመና ጊዜ ተወጥሮ የሚቆይ ስለሆነ፣ ውሃ ሲያገኘው ይበልጥ የሚሰበሰበው እርሱ ነው። የቀሚሱ ቁመት የሚሄደው ደግሞ በዚሁ በድሩ አቅጣጫ ነው።

አሁን አንድ ትእዛዝ ይዘን እንሂድ። ገዢዋ ጀርመን ትኖራለች፤ ከትከሻና ከአንገት መገናኛ ጀምሮ በደረቷ ላይ አልፎ እስከ ወለል ባዶ እግሯን 141 ሴንቲ ሜትር ለክታለች፣ የምታደርገው ጫማ ተረከዙ 6 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጠረፉም ከወለል 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ትፈልጋለች። 141 ሲደመር 6 ሲቀነስ 3፣ ማለትም 144 ይሆናል። ጨርቁ 5 በመቶ የሚገባ ከሆነ 144ን ለ0.95 ስናካፍል ወደ 152 ይጠጋል። ቀሚሱን 152 አድርገን ብንልከው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ልክ ይሆናል፤ ነገር ግን ሣጥኑን ከፍታ ስትሞክረው 5 ሴንቲ ሜትር መሬት ይጎትታል። ስለዚህ ልብሱ ሳይታጠብ ይመለሳል። 144 አድርገን ብንልከው ደግሞ ስትሞክረው ደስ ይላታል፣ ከታጠበ በኋላ ግን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይቀራል፣ ቅሬታውም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሠንጠረዥ ላይ የሚጻፍ ቁጥር የትኛውንም አያድንም፤ «ሲታጠብ ሊገባ ይችላል» የሚለው የተለመደ ማስታወሻም ገዢዋን ከማስጠንቀቅ በቀር ልኳን አይነግራትም።

መፍትሔው ጨርቁን ከመቁረጥ በፊት ማጠብ ነው። ይህን ብዙ ሰዎች አይወዱትም፤ አዲሱን የሸማ ድርቀትና ግርማ ያሳጣል ይላሉ፣ እውነትም ጥቂት ይቀንሳል። በደንብ በተተኮሰ ጊዜ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ጥቅሙም ከዚያ ይበልጣል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። በቅድሚያ የታጠበው ያው ጣቃ በሁለተኛው እጥበት የገባው 1 በመቶ ያህል ብቻ ስለነበር፣ 144 ለ0.99 ተካፍሎ 145.5 ይመጣል። ያንን ቆርጠን ስንልክ፣ ሲሞከርም ከታጠበም በኋላ ልዩነቱ አንድ ጣት አይሞላም።

እዚህ ላይ ጥለቱ የራሱን ችግር ያመጣል። ጥለቱ በአክሪሊክ ክር የተሠራ ከሆነ እንደ ጥጡ አይገባም፤ ስለዚህ ቀሚሱ ሲታጠብ ጨርቁ ይሰበሰብና ጥለቱ እንደ ማዕበል ይጨማደዳል። ይህ መድረሱን ለማወቅ የሙከራው ቁራጭ ጥለቱን ጭምር እንዲይዝ አድርጋችሁ በጥለቱ ላይም የ50 ሴንቲ ሜትር ምልክት ስፉ፣ ከታጠበ በኋላ ሁለቱን አነጻጽሩ። እኛ አሁን ጥለቱን ለብቻው አሸምነን፣ ሁለቱንም በየፊናቸው አጥበን፣ ከደረቁ በኋላ ነው የምናያይዛቸው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሸማኔውንም ማሳመን ጊዜ ይፈልጋል።

የቀረው ልዩነት ከአገር አገር የሚመጣው ከአስተጣጠቡ ነው። አሜሪካ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ልብስን በሙቅ አየር ማድረቂያ ማሽን ያደርቃሉ፤ ይህ ከእጥበቱ ይልቅ ጥጥን የሚያስገባ ነው፣ በቅድሚያ የታጠበውን ጨርቅ እንኳ ደግሞ ይሰበስበዋል። ለዚያ አገር በምንጽፈው ማስታወሻ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «በማድረቂያ ማሽን አይደርቅ፣ ተዘርግቶ ይድረቅ» የሚለው ነው። ለአውሮፓ ገዢዎች ግን የሚያዩት የማሽኑን የሙቀት ቁጥር ስለሆነ «ከ30 ዲግሪ አይለፍ» ብለን እንጀምራለን። አንዱን ማስታወሻ ለሁሉም አገር መገልበጥ ቀላል ነው፣ ለየአንዳንዱ መጻፍ ግን ተመላሽ ይቀንሳል።

ከሠንጠረዡ ሥር የምናስቀምጠው የርዝመት ማስታወሻ አሁን ይህን ይመስላል፦ «ይህ ቀሚስ ከትከሻ እስከ ጠረፍ 145 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ከትከሻና ከአንገት መገናኛ እስከ ወለል ያስለኩ፤ ከ146 እስከ 149 ከሆነ ይስማማዎታል። ጥለቱ እንዳይነካ ከወገብ ስፌቱ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ይቻላል።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ልብስ ሰፊው የወገቡን ስፌት ፈትቶ ቀሚሱን ወደ ላይ እንዲያነሣ ትመራዋለች። ይህ የሚሠራው ወገቡ ላይ ተቆርጦ ለተሰፋ ቀሚስ ብቻ ነው፤ ከትከሻ እስከ ጠረፍ ወጥ ለሆነ ቀሚስ ይህን አትጻፉ፣ ለእርሱ በልክ ማሰፋት ብቻ ነው የሚበጀው።

ሲመለስ የምንጠይቀውንም ለውጠናል። «ጠበበ» ወይም «ሰፋ» የሚለው መልስ ምንም አይጠቁምም፤ «የት ላይ?» ብለን ደረት፣ ወገብ፣ የላይኛው ክንድ፣ ርዝመት የሚሉ ምርጫዎችን ስናስቀምጥ ነው ርዝመት ሁሉን እንደሚበልጥ የታየን። አሁን ርዝመት ሲቀንስ ከላይ የቀረው የላይኛው ክንድ ነው፣ ለእርሱ ገና ጥሩ መፍትሔ አላገኘሁም። ደረታቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሴቶች የክንዳቸው ዙሪያ በጣም ይለያያል፣ ሸማም አይለጠጥም። ለጊዜው የእጅጌውን ዙሪያ በሠንጠረዡ ላይ ለብቻው ጽፈን፣ በብብት ሥር 3 ሴንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ እየተውን ነው። በዚህ በኩል የተሻለ መንገድ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ የእጅጌውን አቆራረጥና የተዋችሁትን ትርፍ ብትነግሩኝ ከጋሼ ጋር በሚቀጥለው ጣቃ ላይ እንሞክረዋለን።