ስክሪንሾት ላይ የማይታየው ጥቁር

ያገለገለ ሞኒተር ገዝቼ ገና ደስታዬን ሳልጨርስ፣ አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ስክሪኑ ግራና ቀኙ ጠቁሮ ጠበቀኝ። በየጎኑ አራት ጣት የሚያህል ጥቁር፤ ምስሉ መሐል ላይ ተሰብስቧል። እናቴ አንዴ አየት አድርጋ፣ "ተቃጥሏል። የሰው እጅ የነካው ዕቃ ይቅርብህ ብዬ ነበር" አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

እኔም በንዴት ስክሪንሾት አንስቼ ለሻጩ በቴሌግራም ላክሁለት።

"ወንድሜ፣ ምኑ ነው የተበላሸው? ጥርት ያለ ነው እኮ።"

ከፍቼ ባየው እውነትም ጥቁር የሚባል ነገር የለበትም! ደግሜ አነሳሁ፤ ያው። ሰውየው "ዓይንህን ግን ታይተህ ታውቃለህ?" ብሎ ጻፈልኝ።

ለካ ስክሪንሾት የሚያነሳው ኮምፒውተሩ የሠራውን ምስል ነው፤ ሞኒተሩ ዳርና ዳር የጨመረውን ጥቁር አያውቀውም። ማስረጃ ከፈለጉ በስልክ ነው ፎቶ ማንሳት። ማውሱንም ወደ ዳር ስገፋው ጥቁሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጥቁሩ አንዳንድ ፊልም ዳርና ዳሩ ላይ ይዞት የሚመጣው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ማውሱ ላዩ ላይ እንደልቡ ይፈነጭ ነበር፤ ስክሪንሾቱም ላይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚልከው ምስል ራሱ ጠባብ ነው።

ይሄን እያሰብኩ ሳለ ታናሽ ወንድሜ "ቆይ፣ እኔ ላስተካክለው" ብሎ ከሞኒተሩ ሥር ያሉትን ቁልፎች ይጫን ጀመር። ሜኑው ውስጥ Wide የሚል አገኘና መረጠ። ጥቁሩ ጠፋ። ግን ፊደሉ ሁሉ ደበዘዘ፤ ክቡ ነገር እንቁላል ሆነ፤ በዩቲዩብ ከፍተነው የነበረው ዜና ላይ አንባቢዋ በአንዴ ጉንጭ አወጣች። እናቴ ዞር ብላ፣ "እሰይ! ይቺ ልጅ ከስታብኝ ነበር" አለች።

ወንድሜን ገፍቼ Display settings ገባሁ። Display resolution የሚለው ላይ 1024 x 768 ተቀምጧል። "ጌሙ እንዲፈጥንልኝ ነው" አለ፣ እንደ ትልቅ ሥራ።

የእኔ ሞኒተር 1920 በ1080 ነው፤ ማለትም 16 ለ9። 1024 በ768 ደግሞ 4 ለ3፤ እንደ ድሮው ቴሌቪዥን። ሞኒተሩ ያንን ምስል ቅርጹን ሳያበላሽ እስከ 1080 ቁመቱ ሲዘረጋው፣ ወርዱ 1440 ላይ ያልቅበታል። የተረፈው 480 ለሁለት ተካፍሎ ግራ 240፣ ቀኝ 240 ጥቁር ይሆናል። የእኔ አራት አራት ጣት ይኸው ነው። ወንድሜ ደግሞ 1440ውን በግድ 1920 አደረገው፤ ምስኪኗን ዜና አንባቢ በሲሶ አወፈራት ማለት ነው።

1920 x 1080 (Recommended) የሚለውን መርጬ Keep changes አልኩ። ጥቁሩም ጠፋ፤ ፊደሉም ጠራ።

"ምን አደረግካት?" አለች እናቴ፣ ስኒዋን አስቀምጣ። "ደህና ሥጋ ይዛ አልነበር እንዴ? መልሳት!"