አምስት ጽሑፍ ለአንድ እንጀራ

ነገሩን የጀመረችው እናቴ ናት። አንድ ቅዳሜ ስልኬን ተቀብላ ከብሎጌ አንዱን ጽሑፍ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። መግቢያው እንዲህ ይላል፦

«የእንጀራ አሰራር ለብዙዎች ከባድ ይመስላል። ትክክለኛ የእንጀራ አሰራር ለማወቅ ይህን የእንጀራ አሰራር (የእንጀራ አሠራር) ይከተሉ። ቀላል የእንጀራ አሰራር የሚጀምረው ከጥሩ ዱቄት ነው።»

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስልኩን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ሰው እንጀራ ሊጋግር መጥቶ አንቺ ስሙን ታስጠኚዋለሽ እንዴ?» አለችኝ።

በጣም ሳቅን። ማታ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። የብሎጌን የፍለጋ ሳጥን ከፍቼ «እንጀራ አሰራር» ብዬ ስፈልግ አምስት ጽሑፎች መጡ፣ አምስቱም የኔ። «የጤፍ እንጀራ አሰራር»፣ «የእንጀራ አሰራር ለጀማሪዎች»፣ «ቀላል የእንጀራ አሰራር»፣ «የእንጀራ አሰራር በውጭ አገር» እና «ለእንጀራ አሰራር የሚሆን እርሾ»። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ የጻፍኳቸው ናቸው። በጊዜው ሒሳቤ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ነበር። አንዱ ጎግል ላይ ባይወጣ ሌላው ይወጣል ብዬ ነው። ጽሑፎቹ ግን ጎግል ላይ እርስ በርሳቸው ይሻሙ ነበር። ላለፉት ሦስት ወራት ይህን ሳስተካክል ስለቆየሁ የሆነውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት መረጃውን ማየት ነው። ብሎግ ጎግል ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየው የጎግል መሣሪያ፣ ሰርች ኮንሶል ውስጥ የፐርፎርማንስ ገጽ ላይ ገብቼ በጥያቄ ቃል፣ ማለትም ሰዎች ጎግል ላይ በሚጽፉት ቃል፣ ማጣሪያ አስገባሁ። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «አሰራር» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «አሠራር»። ሁለቱ ዝርዝሩ ላይ የተለያዩ ጥያቄዎች ሆነው ነው የሚቀመጡት። አንዱን ብቻ ብታጣሩ ግማሹ ታሪክ ያመልጣችኋል። ስለዚህ ከማጣሪያው አማራጮች የመጨረሻውን፣ `Custom (regex)` የሚለውን መርጬ ይህን ጻፍኩ፦

```
እንጀራ.*አ[ሰሠ]ራር
```

በቅንፉ ውስጥ ካሉት ሁለት ፊደላት አንዱ ከተገኘ ይበቃዋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ጸ፣ ፀ ያለበት ቃል ላይ ለምትሠሩም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ከዚያ `Pages` የሚለውን ትር ስጫን ጉዱ ወጣ። በ28 ቀን ውስጥ የጤፉ ጽሑፍ 31 ክሊክ፣ የጀማሪዎቹ 22፣ «ቀላል» የሚለው 9። አማካይ ደረጃቸው 11፣ 14 እና 19። ማለትም አንዳቸውም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተረጋግተው አልተቀመጡም። ይህን ቀድሜ ያላየሁት የጥያቄዎቹን ዝርዝር ብቻ እያየሁ ስለነበር ነው። እዚያ ዝርዝር ላይ የሚታየው ደረጃ ለአንድ ፍለጋ ከብሎጉ ገጾች ከሁሉም በላይ የወጣው ገጽ ደረጃ ነው። ከሥሩ ስንት ገጽ እንደሚጋፋ አይናገርም።

ይሁን እንጂ ሁለት ገጽ በአንድ ቃል መታየቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። አንዳንዴ ሁለቱም ጥሩ ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ፣ እሰየው ነው። እኔን ያሳመነኝ የቀናቱ ግራፍ ነው። የጤፉን ገጽና የጀማሪዎቹን ገጽ ለየብቻ እያጣራሁ የሦስት ወሩን መስመር አየሁ። አንዱ ለሁለት ሳምንት ከፍ ሲል ሌላው ይጠፋል፣ ከዚያ ይገለባበጣሉ። ጎግል የትኛውን እንደሚያወጣ አልቆረጠም ማለት ነው። እንዴትስ ይቁረጥ? እኔ ራሴ አልቆረጥኩም። ከሌሎች ጽሑፎቼ ወደ እንጀራ የሚወስዱትን ሊንኮች ስቆጥር 17 ሆኑ። ሁሉም ላይ የተጻፈው «የእንጀራ አሰራር» ነው፣ የሚወስዱት ግን ወደ አራት የተለያየ ገጽ። መንገድ ለጠየቀ እንግዳ አራት ሰው በአራት አቅጣጫ እንደመጠቆም ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰርች ኮንሶል ጥቂት ሰው ብቻ የሚፈልጋቸውን ጥያቄዎች ለግላዊነት ሲባል ይደብቃል። እንደኔ ባለ ትንሽ የአማርኛ ብሎግ ላይ የሚደበቀው ብዙ ነው። ስለዚህ የጥያቄዎቹ ክሊክ ተደምሮ ከገጹ አጠቃላይ ክሊክ ቢያንስ አትደናገጡ። ይህ ነገር በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል፣ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የትኛው ይቅር የሚል ነው። ከአምስቱ አጻጻፉን የምወደው የጀማሪዎቹን ነበር፣ ፎቶዎቹም ያምራሉ። ግን ከውጭ ሊንክ ያለው፣ ክሊኩም የሚበልጠው የድሮው የጤፍ ጽሑፍ ነው። ሆዴን ትቼ አድራሻውን መረጥኩ። ጽሑፉን ማሻሻል ይቻላል፣ ሰዎች ለዓመታት ያገናኙትን አድራሻ ግን እንደገና ማምጣት ከባድ ነው።

ሦስቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ከፍቼ የሌላው ላይ የሌለውን ብቻ ለቀምኩ። ከጀማሪዎቹ የውኃ ልኩንና ፎቶዎቹን። «ቀላል» ከሚለው አንድ አንቀጽ ብቻ፣ ምጣዱ መጋሉን በምን እንደሚያውቁ የሚናገረውን። የቀረው ድግግሞሽ ነበር። ከዚያ መግቢያውን ቀደድኩት። አሁን እንዲህ ይጀምራል፦

«የጤፍ ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ከላይ የሚያቀረውን ውኃ ቀንሱና ከሊጡ ጥቂት ወስዳችሁ አብሲት ጣሉ። አብሲቱ ተመልሶ ገብቶ ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱን አግሉ።»

«የእንጀራ አሰራር» የሚለው ሐረግ ርዕሱ ላይ አለ፣ አንድ ንዑስ ርዕስ ላይ አለ፣ ሌላ ቦታ አልፈለግኩትም። አብሲት፣ እርሾ፣ ምጣድ፣ አክንባሎ፣ ዓይን እያላችሁ ከጻፋችሁ ጉዳዩ ስለ እንጀራ መሆኑ ለሰውም ለማሽንም ግልጽ ነው። ደግሞም አማርኛ ቃሉን አንድ ቅርጽ ላይ አያቆምም። እንጀራው፣ ከእንጀራ፣ ለእንጀራ እያለ ራሱ ይቀያየራል። ያንን ትታችሁ አንዱን ሐረግ ሳትነኩ ስትደጋግሙት ነው ጆሮ የሚሻክረው። በመቶኛ ልክ አስቀምጠው «ቃሉ ይህን ያህል ጊዜ ይግባ» የሚሉ ምክሮችን ለዓመታት ተከትያለሁ። ጎግል እንዲህ ያለ መቶኛ የለውም። ቃል ማጨቅን ግን በስፓም ደንቡ ውስጥ በስም ጠቅሶ ይከለክላል።

ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል የደረደርኳቸውን «አሰራር፣ አሠራር፣ አጋገር፣ አዘገጃጀት» የሚሉ ቃላትም አነሳሁ። `keywords` የሚለውን የሜታ ሳጥን መሙላትም ተውኩ። ጎግል ይህን ሳጥን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. ተናግሯል፣ እኔ እስከ አምና ድረስ ስሞላው ነበር!

ሁለቱን ጽሑፎች ዝም ብዬ አላጠፋሁም። ቢጠፉ ወደ እነሱ የመጣ ሰው ባዶ ገጽ ላይ ይወድቃል። ቋሚ ሪዳይሬክት አደረግኩ፣ የድሮውን አድራሻ የከፈተ ሰው በቀጥታ ወደ ጤፉ ገጽ ይሄዳል። ሰርቨሬ አፓቼ ስለሆነ `.htaccess` ፋይል ላይ ሁለት መስመር በቃ፦

```
Redirect 301 /injera-lejemari/ /teff-injera/
Redirect 301 /kelal-injera/ /teff-injera/
```

ዎርድፕሬስ ላይ ፋይል መንካት የሚፈራ ሰው ይህን የሚሠሩ ፕለጊኖች አሉለት። ዋናው ነገር የድሮውን አድራሻ ወደ ተመሳሳዩ ገጽ መላክ ነው። ሁሉን ወደ መነሻ ገጽ የሚልክ ሰው አጋጥሞኛል፣ ጎግል ያንን ገጹ እንደሌለ ሊቆጥረው ይችላል። ከተመሳሳይ ገጾች ዋናው ይሄ ነው ብሎ ለጎግል የሚናገረውን፣ ካኖኒካል የሚባለውን ምልክት ለምን አልተጠቀምኩም ብላችሁ ከሆነ፣ እሱ የሚጠቅመው ገጾቹ ቅጂ ለሆኑበት ነው። የኔዎቹ ተቀራራቢ እንጂ ቅጂ አልነበሩም። ካኖኒካል ደግሞ ለጎግል ጥቆማ ነው፣ ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል።

17ቱን ሊንኮች አንድ በአንድ ማስተካከል አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀ። አሰልቺ ነው። ግን ከሁሉም በላይ የሠራው እሱ ይመስለኛል።

የውጭ አገሩን ጽሑፍ አልነካሁትም ማለት ይቻላል። እሱን የሚያነቡት ቨርጂኒያ ወይም ቴል አቪቭ ያሉ ሰዎች ናቸው። ጤፉን ከሌላ ዱቄት ደባልቀው፣ በማይዝ መጥበሻ የሚጋግሩ። ጥያቄያቸው ሌላ ነው። ርዕሱን ብቻ «ያለ ምጣድ፣ በተደባለቀ ዱቄት እንጀራ መጋገር» አልኩት።

የተሳሳትኩት እርሾው ላይ ነው። የእርሾው ጽሑፍ በእንጀራ አሰራር ማጣሪያው ውስጥ 4 ክሊክ ብቻ ነበረው። ስለዚህ ምን ይጎዳል ብዬ ወደ ትልቁ ጽሑፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ አድርጌ ከተትኩትና ሪዳይሬክት አደረግኩት። በሦስተኛው ሳምንት የብሎጉ አጠቃላይ ጎብኚ ሲቀንስ ግራ ገባኝ። ለካ ያ ገጽ አብዛኛውን ሰው የሚያመጣው በሌላ ጥያቄ ነበር። «እርሾ ከሌለኝ ምን ላድርግ»፣ «እርሾ ከባዶ እንዴት ይጀመራል» የሚሉ፣ ብዙዎቹ በተደበቁት ውስጥ ያሉ። የገጹን ሙሉ ክሊክ ያለ ማጣሪያ ብመለከት ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይታየኝ ነበር።

ቀላሉን ፈተና ያኔ ነው የተማርኩት። ሁለቱን ጥያቄዎች የፍለጋ ታሪክን በማይመዘግብ መስኮት ለየብቻ ጎግል ላይ ጻፍኩ። ለ«እንጀራ አሰራር» የወጡት ከሊጥ እስከ ምጣድ የሚያሳዩ ገጾችና ቪዲዮዎች ናቸው። ለእርሾው የወጡት ሌሎች ናቸው፣ አንድም የተደገመ የለም። ሁለቱ ውጤቶች ይህን ያህል ከተለያዩ ሁለት ጽሑፍ ይገባቸዋል። አብዛኛው አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ ይበቃል። ሪዳይሬክቱን አነሳሁ፣ ጽሑፉን መለስኩ፣ ርዕሱን «እርሾ ከባዶ እንዴት ይጀመራል» አልኩት። የጤፉ ገጽ ላይም ለእርሾ ሁለት ዓረፍተ ነገርና ሊንክ ብቻ ተውኩ።

አሁን ያለበትን ልንገራችሁ። የጤፉ ገጽ ባለፉት 28 ቀናት በዚያው ማጣሪያ 118 ክሊክ አግኝቷል፣ አማካይ ደረጃው 6 አካባቢ ነው። ጽሑፉንም ስላሻሻልኩት ሁሉንም ለማዋሃዱ አልሰጠውም። የእርሾው ገጽ የድሮው ክሊኩ ግማሽ ላይ ደርሷል፣ ገና እየተመለሰ ነው። ስታወዳድሩ በዓልና ጾም ከወዲህም ከወዲያም እንዳይገባባችሁ ተጠንቀቁ። የምግብ ፍለጋ በፋሲካ ሰሞንና በሁዳዴ አንድ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ላይ የገናን ሳምንት ከተራ ሳምንት ጋር አወዳድሬ ያለ ነገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ተራው የሽሮ ነው። አራት ጽሑፍ አለኝ። «ሽሮ ወጥ አሰራር» እና «ምርጥ የሽሮ አሰራር» ያው አንድ ናቸው፣ ይዋሃዳሉ። «የምጥን ሽሮ አዘገጃጀት» ግን ሽምብራና ባቄላ ቆልቶ ስለማስፈጨት ነው፣ ድስት እንኳ አይጣድበትም። አራተኛው «ተጋቢኖ» ነው። እሱን ነገ ጎግል ላይ ጽፌ ሳላይ አልነካውም። እናቴን ብጠይቃት ደግሞ «ተጋቢኖና ሽሮ ወጥ አንድ ነው ያለሽ ማነው?» እንደምትለኝ አውቃለሁ።