ከሃያ ደቂቃ ወደ ሦስት

እዚህ ሜሪላንድ፣ በሰፈራችን በሚዘጋጅ የተለያዩ ሃይማኖቶች የጸሎት ግጥም ምሽት ላይ ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። እኔ ይዤ የምቀርበው እመቤታችንን በግእዝ የሚያወድሰውን መልክአ ማርያምን ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት የምትደግመው ነው፣ በጆሮዬ ያደገ። ቤት ውስጥ ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ በዝግታ አነበብኩት። ሃያ ደቂቃ አለፈ።

መጀመሪያ ከየአርኬው ሁለት ሁለት ስንኝ ወሰድኩ። ብዙ ክፍል የሚዳረስ መስሎኝ ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ፈረሰ። አንዱ አርኬ አምስት ስንኝ ነው፣ አምስቱም በአንድ ቤት ይመታሉ። መጀመሪያ ላይ «ሰላም ለ...» ብሎ ሰላምታውን ይሰጣል፣ ልመናው የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። እኔ የቆረጥኩት ልመናውን ነበር። ሰላም ብሎ ሳይለምን የሚሄድ ሰው ሆነብኝ።

ቀጥዬ የመጀመሪያዎቹን አምስት አርኬዎች እንዳሉ ያዝኩ። ቤቱ ደህና ሆነ። ግን መልክእ ከስም ተነስቶ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ዕረፍቷና ወደ ፍልሰቷ ያልፋል። የእኔ ፊቷ ላይ ቀረ።

የአጥቢያችንን መሪጌታ ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ አርኬ አይሰበርም፤ ይዘለላል እንጂ» አሉኝ። «ቅደም ተከተሉን አታፋልሺ። ከራስሽም ቃል አትጨምሪ። ሙሉውን እንዳልሆነ ደግሞ ለሰዉ ንገሪ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለኝ። ስሟን፣ ዓይኗን፣ እጇን፣ እግሯንና ፍልሰቷን መረጥኩ። አምስቱን ስመርጥ ሌሎቹን መተው ከብዶኛል፣ በተለይ የከንፈሯን። አንዱ አርኬ ቀስ ብሎ ሲነበብ 28 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፣ አምስቱ 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ለመግቢያ ሃያ ሰከንድ፦ ምን እንደሆነ፣ ግእዝ እንደሆነ፣ ከረጅሙ የተመረጠ እንደሆነ። የቀረውን ሃያ ሰከንድ ሆን ብዬ ባዶ ተውኩት። መድረክ ላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውም አሜን ይላል። ያንን ያላሰበ ሰው የመጨረሻውን አርኬ ያጣድፈዋል፣ የመጨረሻው ደግሞ ፍልሰቷ ነው። ትርጉሙን በቃል ከማለት ይልቅ በወረቀት አድርጌ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

ምሽቱ ላይ የእጇን አርኬ ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ፣ ከፊት ረድፍ ነጠላ የለበሱ እናት አንገታቸውን ደፍተው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እኔ የዘለልኩትን እየደገሙ ነበር። ጠበቅኳቸው። ቀና ሲሉ እግሯ ላይ ተገናኘን።