ሬንደር ስኬልና ሻርፕኒንግን ማመጣጠን፦ በመካከለኛ ካርድ ጥርት ያለ ምስል ያገኘሁበት መንገድ

የግራፊክስ ካርዴ RX 6600 ነው፤ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው። ሞኒተሬ ደግሞ 2560 በ1440 ነው። ካርዱ በ1080p በጣም ጎበዝ ነው። 1440p ላይ ግን ሥራው በአንዴ ይከብዳል፤ ምክንያቱም 2.07 ሚሊዮን የነበረው ፒክስል ወደ 3.69 ሚሊዮን ይወጣል። ከባድ ጌሞች ላይ በሰከንድ 60 ፍሬም ለማግኘት የሆነ ቦታ መቀነስ ግድ ነው። እኔ የቀነስኩት ሬንደር ስኬሉን፣ ማለትም ጌሙ ዓለሙን የሚስልበትን የሪዞሉሽን ፐርሰንት ነው። ከዚያ የሚመጣውን ብዥታ ጠርዞችን በሚያጎላው ማስተካከያ፣ በሻርፕኒንግ፣ አስተካከልኩት። ሁለቱን ያመጣጠንኩበትን መንገድ በአንድ ጌም ምሳሌ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይልን። የጌሙን ዋና ሪዞሉሽን ወደ 1920 በ1080 ማውረድና ሬንደር ስኬሉን ማውረድ አንድ አይደሉም። ዋናው ሪዞሉሽን ሲወርድ ሞኒተሩ ሙሉውን ምስል፣ ጽሑፉንና ካርታውን ጨምሮ፣ ይለጥጠዋል። በ1440p ሞኒተር ላይ ደግሞ አንዱ ፒክስል አንድ ከሲሶ ቦታ መያዝ አለበት። በእኩል ስለማይከፋፈል ፊደሎቹ ሳይቀሩ ይደበዝዛሉ። ሬንደር ስኬል ሲወርድ ግን የሚያንሰው ዓለሙ የሚሳልበት ምስል ብቻ ነው። ጽሑፉና ምልክቶቹ በአብዛኞቹ ጌሞች በሙሉ 1440p ይሳላሉ። ስለዚህ ዋናው ሪዞሉሽን ሁልጊዜ የሞኒተሩ ይሁን።

የስኬሉን ፐርሰንትም ማንበብ ይጠይቃል። አብዛኛው ጌም 80% ሲል ስፋቱንም ቁመቱንም በየራሳቸው 80% ያደርጋል። ያ ማለት 2048 በ1152 ነው፤ የቀረው ፒክስል 64% ብቻ ነው። ጥቂት ጌሞች ግን ፐርሰንቱን በጠቅላላው ፒክስል ይቆጥራሉ። እዚያ 80% የጠቅላላው ፒክስል 80% ነው፤ ቅነሳው በጣም ያነሰ ነው። ጌሙ ከፐርሰንቱ አጠገብ ትክክለኛውን ሪዞሉሽን ከጻፈ ያንን እዩ። ካልጻፈ 50% ላይ አድርጉትና የፍሬሙን ለውጥ ታዘቡ፤ ምስሉም በግልጽ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሻርፕኒንግ የሚባለውን ሁሉ ማጥፋት ነው። ሦስት ቦታ ይደበቃል፤ ጌሙ ውስጥ፣ ድራይቨሩ ውስጥና ሞኒተሩ ውስጥ። ሦስቱም በርተው ከሆነ የትኛው ምን እንዳደረገ ማወቅ አይቻልም። በተለይ ሞኒተሩ ይረሳል። የሞኒተሩ Sharpness ገለልተኛ ቦታ በአንዱ 0 ነው፤ በሌላው መሐል ላይ ነው። ለማወቅ ግራጫ ጀርባ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ክፈቱ። ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉ በፊደሎቹ ዙሪያ ነጭ መስመር ይወጣል። መስመሩ እስኪጠፋ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ በታች ከሄዳችሁ ደግሞ ፊደሉ ራሱ ይለሰልሳል። እኔ ይህን አንዴ አስተካክዬ ተመልሼ አልነካሁትም።

አሁን ልኬት። የጌሙን ከባድ ቦታ መረጥኩ፤ ብዙ ዛፍና ጥላ ያለበት ሰፈር። ቆሜ 100% ላይ ለካሁ፤ 48 ፍሬም። እዚያው ቆሜ 50% ላይ ለካሁ፤ 83 ፍሬም። እነዚህን ወደ ጊዜ እንቀይራቸው፤ 1000ን ለፍሬሙ ብዛት ማካፈል ነው። 48 ፍሬም ማለት አንዱ ፍሬም 20.8 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። 83 ሲሆን 12 ሚሊሰከንድ ነው። ልዩነቱ 8.8 ነው፤ ይህም የመጣው 75% የሚሆነውን ፒክስል በማስቀረት ነው። ስለዚህ ፒክስሉ በሙሉ ወደ 11.7 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የቀረው 9.1 ሚሊሰከንድ ግን ሪዞሉሽን ብናወርድ ባናወርድ የማይቀየር ሥራ ነው።

ይህን ካወቅን መገመት አይከብድም። በ80% የፒክስሉ ሥራ የ11.7 ሚሊሰከንድ 64% ነው፤ 7.5 ይሆናል። ከ9.1 ጋር 16.6 ሚሊሰከንድ ነው፤ ልክ 60 ፍሬም። ጌሙ ላይ ስሞክረው ያገኘሁትም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ስሌቱ ሁልጊዜ በልኩ አይመጣም፤ ግን የት አካባቢ መጀመር እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ሌላም ጥቅም አለው። ወደ 50% ስታወርዱ ፍሬሙ ምንም ካልጨመረ የሚያንቀው ፕሮሰሰሩ ነው። እንዲህ ከሆነ ስኬሉን ማውረድ ምስል ማበላሸት ብቻ ነው፤ ወደ 100% መልሱትና ሌላ ሴቲንግ ፈልጉ።

እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንዱ 80% ስኬል የተሰነጣጠቀ ጠርዝን ከሚያለሰልሰው ከጌሙ የራሱ ቲኤኤ ጋር ነው። ሌላው በትንሽ ሪዞሉሽን የተሳለውን ምስል ወደ ሙሉው የሚያሳድገው የAMD ኤፍኤስአር 2፣ Quality ላይ። ኤፍኤስአር Quality ስፋቱንና ቁመቱን ለ1.5 ያካፍላል። በኔ ሞኒተር ወደ 1707 በ960 ነው፤ ከሙሉው ፒክስል 44% ብቻ። በቁጥር ሲታይ 80% የሚያሸንፍ ይመስላል። ቆሜ ሳየው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሩቅ አጥር፣ የሽቦ መስመርና የጣሪያ ክዳን በኤፍኤስአር ይበልጥ ሙሉ ናቸው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ተራው ስኬል አንድ ፍሬም ወስዶ ይለጥጠዋል፤ ያልተሳለ ነገር ከየትም አይመጣም። ኤፍኤስአር 2 ግን ካሜራውን በየፍሬሙ ከአንድ ፒክስል ባነሰ መጠን ያንቀሳቅሳል። ያለፉትን ፍሬሞችም አስታውሶ ያዋህዳል። ስለዚህ ጥቂት ፍሬም ካለፈ በኋላ ከ960 መስመር በላይ መረጃ ተሰብስቧል። በ2021 የወጣው የመጀመሪያው ኤፍኤስአር ይህን አያደርግም፤ አንድ ፍሬም ብቻ ነው የሚያየው። በሜኑ ውስጥ FSR 1.0 ካያችሁ ከተራው ስኬል ጋር መድቡት፤ ሁለተኛው የመጣው በ2022 ነው።

ዋጋም አለው። አንደኛ፣ ሥራው ራሱ ጊዜ ይወስዳል። በስሌቱ 70 ፍሬም መስጠት የነበረበት 65 አካባቢ ሰጠኝ። ሁለተኛ፣ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ቀጭን ነገር ኋላው ጅራት ይጎትታል። ገጸ ባሕሪው ከሣር ፊት ሲሮጥ በትከሻው ዙሪያ የሚፍለቀለቅ ጭጋግ ታያላችሁ። ያ ሣሩ አሁን ገና ስለተገለጠና የሚታወስ ያለፈ ፍሬም ስለሌለው ነው። ቀስ ባለ ጌም አያስጨንቀኝም፤ እዚህ ኤፍኤስአርን መረጥኩ። ፈጣን የተኩስ ጌም ላይ ግን ከ80 እስከ 85% ስኬል ከቲኤኤ ጋር ይሻለኛል።

አሁን ሻርፕኒንጉ። ሻርፕኒንግ የጠፋ ዝርዝር አይመልስም። የሚያደርገው ጎን ለጎን ያሉ ፒክስሎችን ልዩነት ማጉላት ነው፤ ጨለማው ትንሽ ይጨልማል፣ ብርሃኑ ትንሽ ይበራል። ዓይን ይህን ጥራት ብሎ ያነበዋል። ምግብ ላይ እንደሚነሰነስ ጨው ነው፤ ያለውን ጣዕም ያወጣል፣ የሌለውን አያመጣም። ስለዚህ ስኬሉ መጀመሪያ ይወሰን፣ ሻርፕኒንጉ በኋላ ይምጣ። ከ0 ተነስቼ ነው የማወጣው፤ ከላይ ወደ ታች ስወርድ ዓይኔ ስለሚለምደው ሁልጊዜ አብዝቼ እተወዋለሁ።

የት እንደሚታይ ማወቅ ግማሹ ሥራ ነው። ብሩህ ሰማይ ፊት ያለ ጨለማ ነገር፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የቤት ጠርዝ፣ ፈልጉ። በጠርዙ ዙሪያ ከሰማዩ የበለጠ የነጣ መስመር ሲወጣ አልፋችኋል። ከዚያ ተንቀሳቀሱ። ቆሞ የሚያምር ምስል ስትራመዱ ቅጠሉ ሁሉ ሊያብለጨልጭ ይችላል። ለእኔ የመጨረሻው ዳኛ ይህ ነው። በዚህ ጌም ከ0 እስከ 1 ባለው ማስተካከያ ነጩ መስመር 0.6 ላይ ታየኝ፤ ስራመድ ግን ቅጠሉ 0.4 ላይ ነው የጀመረው። 0.3 ላይ ተውኩት። ይህን ቁጥር ወደ ሌላ ጌም አትውሰዱት፤ የአንዱ 0.3 የሌላው 0.7 ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በፊት ፊልም ግሬይንን፣ ክሮማቲክ አበሬሽንንና ሞሽን ብለርን አጥፉ። ግሬይኑ ካልጠፋ ሻርፕኒንጉ እሱንም አጉልቶ ምስሉን አሸዋ ያስመስለዋል። ክሮማቲክ አበሬሽን ደግሞ ጠርዙ ላይ ቀለም ያፈናጥቃል፤ ሻርፕኒንጉ ያንኑ ያደምቀዋል።

የትኛውን ሻርፕኒንግ? የጌሙ ካለ እሱን ብቻ። ኤፍኤስአር 2 የራሱ አለው፤ ጽሑፉ ከመሳሉ በፊት ስለሚሠራ ፊደሎቹን አይነካም። የድራይቨሩ ግን ያለቀለትን ፍሬም ነው የሚያገኘው። ጽሑፉንም ካርታውንም አብሮ ያጎላል። ትንንሽ ፊደሎች በነጭ ከተከበቡ ምንጩ እሱ ነው። የድራይቨሩን የማበራው ጌሙ ምንም ማስተካከያ ከሌለው ብቻ ነው።

አንዳንድ ጌም ደግሞ ማስተካከያ ሳያሳይ ውስጥ ለውስጥ ያሾለዋል። ሁሉን አጥፍታችሁም ነጩ መስመር ካለ ይህን ጠርጥሩ። በአንሪል ኢንጂን የተሠራ ከሆነ Engine.ini ፋይል መጨረሻ ላይ ይህን መጨመር ብዙ ጊዜ ይሠራል፦

```
[SystemSettings]
r.Tonemapper.Sharpen=0
```

የፋይሉን ቅጂ አስቀምጡ። ጸረ ማጭበርበሪያ ባለው የኦንላይን ጌም ላይ ግን ፋይል አትነካኩ።

ሻርፕኒንግ የማይፈታው ችግርም አለ። ስኬሉ ሲወርድ ካርዱ ለሩቅ ነገር ያነሰ ቴክስቸር ይመርጣል። መንገዱና ግድግዳው ከፊታችሁ ራቅ ሲል የሚታጠብ ከሆነ መጀመሪያ አኒሶትሮፒክ ፊልተሪንግ 16x መሆኑን አረጋግጡ፤ ለዚህ ካርድ ቀላል ሥራ ነው። ቅርብ ያለ ግድግዳ የተደፈነ ከሆነ ደግሞ የቴክስቸር ሴቲንጉን እዩ። ሁለቱንም በሻርፕኒንግ ለማዳን መሞከር ሌላውን ምስል ማበላሸት ነው።

ወደ ታችም ወሰን አበጅቻለሁ። በዚህ ሞኒተር ኤፍኤስአርን ከ Quality በታች፣ ተራ ስኬልን ከ75% በታች አላወርድም። ከዚያ በላይ ፍሬም ካስፈለገኝ ጥላውን ከ Ultra ወደ High አወርዳለሁ፤ ብዙ ጌም ላይ በዓይን ሳይለይ ጥሩ ፍሬም ይመልሳል።

ስኬሉ ራሱን የሚቀያይርበት ዳይናሚክ ሪዞሉሽን ላይ ሻርፕኒንጉን የምለካው ጸጥ ባለ ቦታ ነው፤ ስኬሉ ከፍ ብሎ በቆመበት። በዝቅተኛው ስኬል ከለካችሁት፣ ስኬሉ ወደ 100% ሲመለስ ያው ቁጥር ይበዛና ሽቦው ሁሉ ነጭ ጠርዝ ያወጣል። ጦርነት መሐል ትንሽ ብዥ ቢል ግን ማንም ቆሞ አያየውም።