ብሬክ ኢቭን በብዙ ምርት፦ የሽያጭ ስብጥሩ ሲቀየር

የአንድ ምርት ብሬክ ኢቭን፣ ማለትም ትርፍም ኪሳራም የማይኖርበት የሽያጭ መጠን፣ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ። ሰሞኑን መስመር የያዘልኝ የብዙ ምርቱ ነው። ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው የሽያጭ ስብጥሩ ነው።

ምርት «ሀ» በ100 ይሸጣል፤ ተለዋዋጭ ወጪው 60 ስለሆነ 40 ይቀራል። ምርት «ለ» በ250 ይሸጣል፤ ተለዋዋጭ ወጪው 190፣ የሚቀረው 60 ነው። ቋሚ ወጪው 90,000 ሲሆን ሦስት «ሀ» በተሸጠ ቁጥር አንድ «ለ» ይሸጣል።

እኔ የምመርጠው አራቱን እንደ አንድ ጥቅል መቁጠር ነው። ጥቅሉ 550 ያስገባል፣ ከዚያ ላይ 180 ይቀራል። 90,000 ለ180 ሲካፈል 500 ጥቅል ይሆናል፤ ማለትም 1,500 «ሀ» እና 500 «ለ»፣ በገንዘብ 275,000። ክፍልፋይ ከመጣ ወደ ላይ አጠጋጉ።

በጥቅል ፋንታ በተመዘነ አማካይ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ክብደቱን ከገንዘብ ድርሻ ሲወስዱ ነው። በገንዘብ ከታየ የ«ሀ» ድርሻ እንደ ዕቃ ብዛቱ 75% ሳይሆን 54.5% ገደማ ነው። በዚህ ድርሻ ከአንድ ዕቃ የሚቀረውን ካመዘናችሁ ብሬክ ኢቭኑ 1,833 ዕቃ ገደማ ይወጣል፤ ትክክለኛው ግን 2,000 ነው። ማረጋገጫው መልሶ ማባዛት ነው። 1,833ቱን በ3 ለ1 ከፍላችሁ ስታባዙት ወደ 82,500 ብቻ ይመጣል፤ ቋሚ ወጪውን አይሸፍንም።

አሁን ሽያጩ 625 ጥቅል ነው እንበል፤ 343,750። ከብሬክ ኢቭኑ በላይ ያለው 68,750 ስለሆነ ማርጂን ኦፍ ሴፍቲው፣ ማለትም ኪሳራ ሳይመጣ ሽያጩ ሊወርድ የሚችለው፣ 20% ነው። ትርፉም 22,500።

ጠቅላላ የሽያጭ ገንዘቡ ሳይነቃነቅ ስብጥሩ 1 ለ1 ቢሆንስ? ጥቅሉ 350 ያስገባል፣ 100 ይቀራል። ብሬክ ኢቭኑ 900 ጥቅል፣ ማለትም 1,800 ዕቃ ይሆናል። በዕቃ ብዛት ከ2,000 ወረደ፤ በገንዘብ ግን ከ275,000 ወደ 315,000 ወጣ። ማርጂን ኦፍ ሴፍቲው 8.4% ገደማ፣ ትርፉም 8,214 ገደማ ይሆናል። ምክንያቱ «ለ» በነጠላ ብዙ ቢያስቀርም ከእያንዳንዱ 100 ሽያጭ የሚተርፈው 24 ሲሆን የ«ሀ» 40 መሆኑ ነው። ስለዚህ የብሬክ ኢቭን ዕቃ ብዛትን ብቻ የሚያሳይ ሪፖርት አልቀበልም፤ ገንዘቡም፣ የተያዘው ስብጥርም አብረው መጻፍ አለባቸው።

ሌላም አለ። 20%ው የሚሠራው ሁለቱ ምርቶች እኩል በመቶኛ ሲወርዱ ብቻ ነው። አንዱ ብቻውን ከወረደ ትርፉን ከዚያ ምርት ከአንዱ ዕቃ ለሚቀረው አካፍሉ። 22,500 ለ40 ሲካፈል 562.5 ነው፤ «ሀ» ብቻውን ከ1,875 ላይ 30% ቢወርድ ትርፉ ያልቃል። «ለ» ግን 375፣ ማለትም 60% እስኪወርድ ይችላል።