ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ

ደብረ ማርቆስ ያደርኩት ሳላስበው ነው። ወደ ባሕር ዳር እየሄድኩ ነበር። አውቶቡሳችን ዓባይ በረሃን ጨርሶ ደጀን እንደወጣ ጎማው ፈነዳ፤ ያንን ሲቀይሩ ቀኑ አለቀና ማርቆስ ስንገባ መሽቷል። ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። የጥቅምት ብርድ ማርቆስ ላይ ቀልድ አያውቅም፤ አልጋ እንደያዝኩ ሻይ ፍለጋ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ።

ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ አንዲት እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር በገመድ የታሰረ ካርቶን አለ፤ ሽሮና በርበሬው እስከ እኔ ይሸታል። አጠገባቸው ያለው ወጣት ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ያነባል።

«እትዬ፣ በረራው ተሰርዟል። ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት ከ40 ትሄጃለሽ። ካሳም ይሰጡሻል፤ 300 ዩሮ። እሺ ልበላቸው?»

ሥራዬ ትርጉም ነው፤ በብዛት ውልና የፍርድ ቤት ወረቀት። የሰው ጨዋታ ውስጥ መግባት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን «እሺ ልበላቸው» የሚለው አስደነገጠኝ። ይቅርታ ጠይቄ ስልኩን ለመንኩት።

ሴትዮዋ ፍራንክፈርት ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ ናቸው። ለወንድማቸው ተዝካር ቢቸና መጥተው ሲመለሱ ነው። ቲኬቱን የቆረጠችው ልጃቸው ስትሆን፣ እዚህ የሚገኙበትን የወንድማቸውን ልጅ ኢሜይል አስመዝግባለች። በረራው ረቡዕ ከምሽቱ 5:20 ከአዲስ አበባ የሚነሳ፣ የአንድ አውሮፓዊ አየር መንገድ ነበር። መልእክቱ የደረሰው ከአንድ ቀን ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ቀድሞ ነው።

መጀመሪያ ያስተካከልኩት ቀኑን ነው። ኢሜይሉ «ዓርብ፣ ኦክቶበር 19፣ 00:40» ይላል። ልጁ ሰዓቱን በትክክል ገልብጦታል፤ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 6:40 ነው። የሳተው ቀኑን ነው። የፈረንጅ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ የእነሱ ዓርብ 00:40 ማለት ሐሙስ መሽቶ ለዓርብ አጥቢያ ማለት ነው። ዓርብ ሌሊት ብሎ የተረጎመ ሰው ዓርብ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሙሉ ሊሞላው ነው። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመው ለመድረስ ሐሙስ ማታ 3:40 ላይ እዚያ መገኘት አለባቸው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ብቻውን አልተረጉምም፤ በሁለት ዕለት መካከል አስቀምጬ እጽፈዋለሁ።

«አየህ?» አሉት ልጁን። «አጥቢያ ማለት ጠፍቶህ ነው!»

ቀጥሎ ምርጫዎቹ ነበሩ፤ ሦስት ናቸው። አንደኛው ያንኑ የሐሙስ ሌሊቱን በረራ መቀበል ነው። ሁለተኛው ለእሳቸው በሚመች ሌላ ቀን መሄድ ሲሆን፣ «መቀመጫ ከተገኘ» የሚል ገደብ አለበት። ሦስተኛው ላልበረሩበት መንገድ የከፈሉትን ገንዘብ መልሶ መውሰድ ነው፤ ይህንንም አየር መንገዱ በ7 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ልጁ ሦስተኛው ማርኮት ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን የወሰደ መንገደኛ ከአየር መንገዱ ጋር የነበረውን ጉዞ አበቃ፤ ሌላ በረራ የመፈለጉም፣ እስኪሄዱ ምግብና ማደሪያ የመቻሉም ግዴታ አብሮ ይቀራል። ቲኬቱን በራሳቸው ኪስ በዕለቱ ዋጋ ሊገዙ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን «ካሳ» ነው። ልጁ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በዚህ በአንድ ቃል ጠርቷቸዋል። ኢሜይሉ ውስጥ «ሪፈንድ» አለ፤ ይህ የራሳቸው ገንዘብ መመለስ ነው፣ ተመላሽ እንጂ ካሳ አይደለም። ከታች በደቃቅ ፊደል «ኮምፐንሴሽን» አለ፤ ትክክለኛው ካሳ እሱ ነው። መሐል ላይ ደግሞ በትልቁ፣ በቀለም ባጌጠ ሳጥን፣ «ለመልካም ግንኙነታችን» የ300 ዩሮ ቫውቸር ቀርቧል። ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ በ12 ወር ውስጥ ከዚያው አየር መንገድ ሌላ ቲኬት የሚገዛበት ወረቀት ነው። ከሥሩ ያለው ዓረፍተ ነገር፣ ቫውቸሩን የተቀበለ ሰው «ጥያቄውን ሁሉ ሙሉ በሙሉና ለመጨረሻ ጊዜ እንደዘጋ ይቆጠራል» ይላል። የልጁ አውራ ጣት የነበረው እዚያ ላይ ነው።

ይህን እንዴት እንደማስረዳ ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ ከበላሁ በኋላማ ምን ክስ አለኝ? ታረቅሁ ማለት ነው።»

«እንዲያ ነው እናቴ። ብቻ እዚህ ሽማግሌ የለም፤ በዳዩ ራሱ ነው የሚቆርጠው።»

«ታዲያ ስንት ይገባኛል?»

የአውሮፓ ኅብረት በ2004 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣው ደንብ ቁጥር 261 ይህን ይወስናል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ከ3,500 ኪሎ ሜትር በእጅጉ ስለሚበልጥ፣ ከ14 ቀን ባነሰ ማስጠንቀቂያ ተሰርዞባቸው ከአንድ ቀን በላይ ዘግይተው ለሚደርሱት ለእሳቸው ካሳው 600 ዩሮ ነው። ተለዋጩን በረራ መውሰዳቸው ይህን አያስቀረውም። ደንቡ የሚሠራላቸው ግን አየር መንገዱ አውሮፓዊ በመሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚበር የሌላ አገር አየር መንገድ ቢሆን ኖሮ በዚህ ደንብ አልጠይቅላቸውም ነበር። ከፍራንክፈርት ሲነሱ ግን የማንም ይሁን ይሠራል።

አየር መንገዱ የሚያመልጥበት በርም አለ፤ ስረዛው «ከተለመደው ውጪ በሆነ ሁኔታ» ከመጣና ማስቀረት ካልተቻለ ካሳ አይከፍልም። ክፉ አየር፣ የአየር ክልል መዘጋት እዚህ ይገባሉ። ኢሜይሉ ግን የሚለው «በአሠራር ምክንያት» ብቻ ነው። ልጁ «ከአቅም በላይ በሆነ ችግር» ብሎ ተርጉሞት ነበር። ሳያውቅ ለአየር መንገዱ ጠበቃ ቆመለት! ከአቅም በላይ የሚለው በአማርኛ ሕግ ቋንቋ ተጠያቂነትን የሚያስቀር ሐረግ ነው። ደብዛዛውን ቃል ደብዛዛ አድርጌ ተውኩት። ተራ የሞተር ብልሽት እንኳ በራሱ ሰበብ እንደማይሆን የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2008 እንደነሱ አቆጣጠር ወስኗል።

«ይቅርታ ብለዋል ግን» አሉ ሴትዮዋ፣ ትንሽ አዝነው። «ይቅርታ ያለን ሰው ገንዘብ ማለት...»

እውነትም ኢሜይሉ ሁለት ቦታ ይቅርታ ይላል። የእንግሊዝኛው ይቅርታ «አስቸገርናችሁ» እንጂ «በደልን» እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

የሐሙስ ሌሊቱን በረራ መረጥን፤ ቫውቸሩን አልነካነውም። በልጁ ስልክ አጭር መልስ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፦ ተለዋጩን በረራ ተቀብያለሁ፤ ቫውቸሩን አልቀበልም፤ በደንብ 261 የሚገባኝን ካሳ የመጠየቅ መብቴ እንደተጠበቀ ነው፤ የተሰረዘበትን ምክንያት በጽሑፍ ግለጹልኝ። ልጃቸው እንድትከታተለው ኢሜይሉ ለእሷም ተላከ። አዲስ አበባ ለሚያወጡት የምግብና የአልጋ ደረሰኝ እንዲይዙ ስነግራቸው ሳቁ፤ የሚያድሩት እህታቸው ቤት ነው፣ እህት ደረሰኝ አትቆርጥም።

ሐሙስ ንጋት ልውጣ ብለው ነበር፤ የእኔን የጎማ ታሪክ ሲሰሙ ሐሳባቸውን ለወጡ። ረቡዕ ንጋት 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ አብረን ወረድን፤ እኔ ወደ ባሕር ዳር፣ እሳቸው ወደ አዲስ አበባ። ልጁ ካርቶኑን ጣሪያ ላይ ሲያስጭን እሳቸው ከመቀነታቸው ወረቀት ፈትተው በመስኮቱ አሳዩኝ። «ዓርብ» የሚለው በእስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ከላዩ «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» ተብሏል።